ሲጠብቅ ኮት፣ ሲላላ ሰው

እንደምን አመሻችሁ። ስለ ትርጉም ሥራ አውሪልን ስትሉኝ ትልልቅ ነገር ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን ይዤ የመጣሁት አንድ ስድብ ነው። ርዝመቱ ከ4 ሴኮንድ ያንሳል። አንድ ሙሉ ሌሊት በልቶብኛል።

ሥራዬ ሰብታይትል መጻፍ ነው። ተዋናዩ ሲናገር ከስር ብቅ ብሎ የሚጠፋው ጽሑፍ አለ አይደል፣ እሱን ነው የምጽፈው። ሰው የሚያስታውሰን ስንሳሳት ብቻ ነው። ለምደነዋል።

የፊልሙን ስም አልጠራም፣ ውሌ አይፈቅድልኝም። ታሪኩ ግን ቀላል ነው። ሁለት ሽማግሌ ልብስ ሰፊዎች አሉ። ወጣት ሳሉ በአንድ ማሽን እየተፈራረቁ ይሠሩ ነበር፤ በኋላ ተጣሉና ትይዩ ሱቅ ከፈቱ። አንድ ቀን አንደኛው፣ ሪዛሙ እንበለው፣ ሰተት ብሎ ጠላቱ ሱቅ ይገባል። መስታወቱ ፊት አዲስ ኮት የሚለካ ደንበኛ ቆሟል። ሪዛሙ ኮቱን ከላይ እስከ ታች ያየውና ወደ ባለሱቁ ዞሮ በእንግሊዝኛ እንዲህ ይለዋል፦ «ኤ ሱት ዛት ሱትስ ኖባዲ። ዩ አር ጀስት ሶ ሶ።» ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይስቃል። ደንበኛው ራሱ ይስቃል። ኮቱን አውልቆ ጥሎ ይወጣል።

ስድቡ ውስጥ ሁለት ጨዋታ አለ። «ሱት» ሙሉ ልብስ ነው፤ «ሱትስ» ደግሞ «ይስማማዋል፣ ያምርበታል» ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው «ማንንም የማያምርበት ልብስ» ነው፣ ግን በአንድ ቃል እየተመላለሰ። ይሄኛው ብዙም አላስጨነቀኝም። ጉዱ ያለው «ሶ ሶ» ላይ ነው። በአንድ አጻጻፍ «እንዲያው ለነገሩ፣ ክፉም ደግም ያልሆነ» ማለት ነው። በሌላ አጻጻፍ «ሶ» ማለት «ሰፋ» ነው፣ በመርፌና በክር። አጻጻፋቸው ይለያያል፣ ድምፃቸው ግን አንድ ነው። ወረቀት ላይ ቢሆን ጸሐፊው አንዱን መምረጥ አለበት፤ በአፍ ሲባል ሁለቱም እኩል ጆሮ ውስጥ ይገባሉ። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። የእንግሊዝኛው ጨዋታ የጆሮ ጨዋታ ነው።

እንግዲህ ቀጥታ ብተረጉመው «ማንንም የማያምርበት ልብስ ነው፤ አንተም መካከለኛ ነህ» ይሆናል። ትክክል ነው። ሞቷል። መጽሐፍ ብተረጉም ኖሮ ከገጹ ግርጌ ማስታወሻ ጽፌ እገላገል ነበር። ሰብታይትል ላይ ግርጌው ራሱ እኔ ነኝ፣ ከኔ በታች ቦታ የለም። ዲርክ ዴላባስቲታ የሚባል ቤልጅየማዊ ምሁር የቃላት ጨዋታ ሲተረጎም ተርጓሚ የሚያደርገውን ዘርዝሮ አስቀምጧል፦ በሌላ ጨዋታ መተካት፣ ጨዋታውን ትቶ ትርጉሙን ማቅረብ፣ ጭራሽ መዝለል፣ እዚህ የጠፋውን ሌላ ቦታ መካስ፣ ወዘተ። ጥሩ ዝርዝር ነው። ግን እኔ ጋ ሳቅ አለ። ምስሉ የኔ አይደለም፣ ሳቁን መቁረጥ አልችልም። ስድቡን ብዘለው ስድስት ሰው በባዶ ሜዳ ሲስቅ ይታያል፣ ተመልካቹም «ምን አምልጦኝ ነው?» ይላል። ስለዚህ ምርጫ የለኝም። ጨዋታ በጨዋታ፣ እዚያው ቦታ ላይ።

ጊዜውን ልንገራችሁ። ንግግሩ የሚጀምረው 31ኛው ደቂቃ ከ7 ሴኮንድ ላይ ነው፣ የሚያልቀው ከ11 በፊት። በላቲን ፊደል ለሚጻፉ ቋንቋዎች የተለመደው የንባብ ልክ በሴኮንድ ከ12 እስከ 17 ፊደል ገደማ ነው። ይህን ቁጥር እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት አይሆንም፤ የኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ በላቲን 4 የሚወስደው ለኛ 2 ሊሆን ይችላል። እኔ ለራሴ በሴኮንድ ከ9 ምልክት ላለማለፍ እሞክራለሁ። ለዚህ ስድብ ቢበዛ 30 ምልክት አለኝ ማለት ነው፣ ክፍተቱም ነጥቡም ተቆጥሮ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ነው የተቀመጥኩት። በግማሽ ሰዓት የምጨርሰው መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የመጣልኝ «ጥበብ» ነው። ጥበብና ጥበት። «ጥበብ ትለዋለህ፤ የማየው ግን ጥበት ነው።» ብቻዬን ሳቅኩ። ጻፍኩት፣ አቃናሁት፣ ቆጠርኩት፣ ይገባል። ከዚያ ቪዲዮውን ከፈትኩ። ኮቱ ሰፊ ነው! ትከሻው ወደ ክንድ ወርዷል፣ እጅጌው ጣት ይሸፍናል፣ ሰውየው ኮቱ ውስጥ ጠፍቷል። እኔ ቪዲዮውን ዘግቼ ከንግግሩ ዝርዝር ላይ ብቻ እየሠራሁ ነበር። ለጀማሪ «አታድርጉ» የምለውን ነገር ራሴ አደረግኩት። ጠባብ ነው ብዬ ብጽፍ ተመልካች ይስቃል፣ ግን በኔ ነው።

ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ልሥራ ብዬ ወረቀት አወጣሁ። በአንድ በኩል የሙያውን ቃላት ደረደርኩ፦ ክር፣ መርፌ፣ መቀስ፣ ገበር፣ እጅጌ፣ ኪስ፣ ቁልፍ፣ ልክ፣ ስፌት። በሌላ በኩል የንቀት ቃላት፦ አይረባም፣ አያውቅም፣ ባዶ፣ ተልካሻ። ዘዴው ቀላል ነው፣ በሁለቱም በኩል ሊቆም የሚችል ቃል ትፈልጋላችሁ። ብዙ ጊዜ አይገኝም። ያን ቀን ግን «ልክ» ላይ ብዕሬ ቆመ።

ልክ መለኪያ ነው። ልክ ደግሞ የሰው መጠኑ፣ አቅሙ ነው፣ «ልክህን እወቅ» እንደሚባለው። እና ይሄ ወጣ፦ «የራስህን ልክ ሳታውቅ የሰው ልክ ትወስዳለህ።»

እስካሁን እወደዋለሁ። ምናልባት ከሌሊቱ ሁሉ በላጩ እሱ ነው። በአማርኛ ጥርት ያለ ነው፣ የሙያውም ነው፣ ያማልም። ችግሩ ያ ነበር። በጣም ያማል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ትዕይንቱን ከጽሑፉ ጋር አጫወትኩት፣ ሰዎቹም ሳቁ፣ እና የሆነ ነገር ተበላሸ። እንግሊዝኛው የሚሰድበው የሰውየውን እጅ ነው፣ ሙያውን። የኔው «ማን ነኝ ብለህ ነው?» የሚል ሆነ። ልክህን አታውቅም የተባለ ሰው ፊት እንዲህ በቀላሉ አይሳቅም፣ ዝም ነው የሚባለው። ባለሱቁም በምስሉ ላይ ፊቱን አኮሳተረ እንጂ አልቆሰለም። አማርኛው ከፊልሙ በላይ ጮኸ። አወጣሁት። ለሌላ ፊልም ይሆናል ብዬ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ እስካሁን የሚገባው ሰው አልመጣም።

ወደ 8 ሰዓት ተኩል ግድም ከዝርዝሩ የቀረኝ «ስፌት» ነበር። ኮቱ ሰፊ ነው፣ ስፌቱ መጥፎ ነው። ስፋት፣ ስፌት። አንድ ፊደል ነው የሚለያቸው! «ስፋት አለው፤ ስፌት የለውም።» ጮክ ብዬ አልኩት። ደግሜ አልኩት። በዚያ ሰዓት ግድግዳ እያየሁ እንዲህ ስሳደብ ጎረቤት ምን እንዳለኝ እንጃ።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ብዙ ተርጓሚ ያቆማል፣ አልፈርድበትም። ግን አንድ ልማድ አለኝ፦ ጨዋታ ያለበት ቃል ሳገኝ ፊልሙ ውስጥ ሌላ ቦታ ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ የንግግሩን ዝርዝር እፈትሻለሁ። ጎበዝ ጸሐፊ ጥሩ ቀልድ አንዴ ብቻ አይጠቀምም። ፈለግኩ። መጣ። ወደ መጨረሻው፣ 1 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ።

ሪዛሙ ታሟል፣ ከስቷል። ባለሱቁ ያንን ኮት፣ ማንም ሳይገዛው የቀረውን፣ ይዞለት ይመጣል። ያለብሰዋል። አሁንም ሰፊ ነው፣ እንዲያውም ይብስ ሰፍቷል። «እንዴት ነው?» ይለዋል። ሪዛሙ ጣቱን ቀስ ብሎ ያነሳል፣ ወደ ጓደኛው ደረት ይጠቁማል፣ እና «ሶ ሶ» ይላል። ሁለት ድምፅ። 1.2 ሴኮንድ።

ጣቱን አያችሁልኝ? ወደ ኮቱ አይደለም፣ ወደ ሰውየው ነው። «ስፌት አለው» ብዬ ብጽፍ ጣቱ ሌላ ጽሑፉ ሌላ ይሆናል። ስፋትና ስፌት የልብስ ቃል ናቸው፣ ሰው ላይ አያርፉም። እኔ የምፈልገው ኮቱም ሰውየውም የሚጠሩበት አንድ ቃል ነው። ወረቀቴን ቀደድኩት።

ቃሉ እዚያው ነበር። ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በዚያው ፋይል ውስጥ «ልብስ ሰፊ»፣ «ልብስ ሰፊው»፣ «ልብስ ሰፊዎቹ» እያልኩ ስጽፍ አምሽቻለሁ። ሁልጊዜ «ልብስ» ከፊቱ አለ፣ ስለዚህ ሁልጊዜ አላልቼ ነው የማነበው። ያን ሌሊት «ኮቱ ሰፊ ነው» ያልኩትም ስንቴ ነው፣ ያኔ ደግሞ አጥብቄ ነው የማነበው። ሁለቱ ቃላት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አልተያዩም። ሲጠብቅ ሰፊ፣ የጠባብ ተቃራኒ ነው። ሲላላ ሰፊ፣ በመርፌ የሚሠራው ሰው ነው። ፊደሉ ግን ያው ሁለቱ ናቸው፣ ሰ እና ፊ። አንዳንድ መዝገበ ቃላት ለሚጠብቀው ከላይ ነጥብ ያደርጉለታል፤ በተራ ጽሑፍ ማንም አያደርግም፣ አንባቢ ከዐውዱ ይረዳዋል። (መጥበቅና መላላት ራሳቸው የልብስ ቃል መሆናቸውን ያስተዋልኩት በማግስቱ ነው። የሚጠብቀው ቃል ሰፊውን ልብስ ማለቱ ደግሞ ይባስ።)

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ይሄን ጻፍኩ፦ «ኮቱ ሰፊ ነው፤ አንተ ግን አይደለህም።»

ቀስ ብላችሁ አንብቡት። መጀመሪያ ዓይናችሁ «ሰፊ» ላይ ሲደርስ ኮት ስላለ አጥብቃችሁ ታነቡታላችሁ። ከዚያ «አንተ ግን አይደለህም» ይመጣል። ምን አይደለህም? ሰው ደግሞ ምን ሊሰፋ? ዓይን ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ያንኑ ቃል አሁን አላልቶ ያነበዋል። ስድቡ እዚያ መመለሱ ላይ ነው ያለው። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ይሄ ነው። እንግሊዝኛው ሁለት አጻጻፍ በአንድ ድምፅ ነበር፣ አማርኛው ሁለት ድምፅ በአንድ አጻጻፍ ሆነ። የጆሮ ጨዋታ ወደ ዓይን ጨዋታ ተዛወረ። ሰብታይትል ደግሞ የሚኖረው በዓይን ነው።

ይሄው መስመር በድምፅ ለሚተረጎም ፊልም አይሠራም። ተዋናዩ አፉን ሲከፍት ወይ ያጠብቃል ወይ ያላላል፣ መሃል የለም። አንዱን እንደመረጠ ጨዋታው አለቀ። የድምፅ ሥራ ቢሆን ኖሮ ለመጀመሪያው ትዕይንት ወደ «ስፋት አለው፤ ስፌት የለውም» እመለስ ነበር፣ ለሁለተኛው ደግሞ ሌላ ሌሊት እከፍል ነበር።

ከቃሉ በኋላ ሰዓቱ ቀረ። ሁለቱን ሐረግ አንድ ላይ ካወጣሁ ተመልካቹ ስድቡን ተዋናዩ ሳይጨርሰው አንብቦት ይስቃል። ሪዛሙ መሃል ላይ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ያ ትንፋሽ የቀልዱ ግማሽ ነው። ስለዚህ ለሁለት መክፈል አለብኝ። ከከፈልኩት ደግሞ ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ይጠፋል፣ ዓይን የሚመለስበት ቃል አይኖርም። መፍትሔው ማከማቸት ነው፦ ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ከላዩ እንዳለ ይቆያል።

```
412
00:31:07,250 --> 00:31:08,900
ኮቱ ሰፊ ነው፤

413
00:31:08,900 --> 00:31:10,900
ኮቱ ሰፊ ነው፤
አንተ ግን አይደለህም።
```

የ412 ማብቂያና የ413 መጀመሪያ አንድ መሆናቸውን ልብ በሉ። ሌላ ጊዜ በሁለት ሰብታይትል መሃል ሁለት ፍሬም ያህል ክፍተት እንተዋለን፣ ዓይን መለወጡን እንዲያውቅ። እዚህ ግን ክፍተት ከተውኩ የላይኛው መስመር ብልጭ ብሎ ይመለሳል። ሌላም አለ፦ ጽሑፉ ከስር ወደ ላይ ስለሚደረደር 413 ሲገባ የመጀመሪያው መስመር አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይዘላል። ለዚያ 412 ላይ ሁለተኛ መስመር አድርጌ የማይታይ ክፍተት አስገባሁበት። ዝም ብላችሁ ባዶ መስመር ብታደርጉ ማጫወቻው ሰብታይትሉ እዚያ ያለቀ ይመስለዋል። በዚህ ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት አልፏል።

የመጨረሻው ትዕይንት ከዚያ በኋላ ራሱን ጻፈ። «እንዴት ነው?» ሲለው ተመልካቹ የሚጠብቀው «ሰፊ ነው» ነው፣ ኮቱ ሰፊ ነውና። ሪዛሙ ጣቱን ያነሳል። «ሰፊ ነህ።» አንድ ፊደል ብቻ ነው የተለወጠው። እንባዬ መጣ፣ ድካምም ይሆናል። ፋይሉን ላክሁና ተኛሁ።

ጠዋት የታረመው ተመልሶ መጣ። የመጨረሻ እርማት የሚያዩልን አንድ ትልቅ ሰው አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ጠንቃቃ ናቸው። 413ን እንዲህ አድርገውታል፦ «አንተ ግን ልብስ ሰፊ አይደለህም።» ጎኑ ላይ ማስታወሻ አለ፦ «ዓረፍተ ነገሩ አልተሟላም።»

ደወልኩ። ላስረዳቸው አልሞከርኩም፣ ቀልድ ከተብራራ አለቀለት። «ጋሼ፣ የኔን መስመር አንዴ ጮክ ብለው ያንብቡልኝ» አልኳቸው።

አነበቡ። «ኮቱ ሰፊ ነው»፣ አጥብቀው። «አንተ ግን አይደለህም።» ዝም አሉ። ከዚያ ለራሳቸው ያህል፣ አላልተው፣ «ሰፊ» አሉ።

«ተንኮለኛ!» አሉኝ። «ይሁን፣ እመልሰዋለሁ። የመጨረሻዋን ግን አበላሽተሻታል።»

«የቷን?»

«ሰፊ ነህ ያልሽውን። ሰውየው መቼ ታረቀ? እሱ እኮ እዚያም አልጋ ላይ ሆኖ እየሰደበው ነው። ሶ ሶ ነው ያለው፣ እንዲያው ለነገሩ ነህ ነው ያለው። አንቺ ምስክር ወረቀት ሰጠሽው።»

እውነታቸውን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስፌቱን ለመትከል ስሮጥ ሌላውን ትርጉም፣ ያንን ክፉም ደግም ያልሆነውን፣ ጥዬው ነበር። ከዚያም ብሶ አልቅሼበታለሁ። «ሰፊ ሳትሆን አትቀርም» ብለውስ አልኩ። እየቆጠርኩ፣ ለ1.2 ሴኮንድ ይበዛል። «ትንሽ ሰፊ ነህ» አልኩ፣ ልጅ አስመሰለው። ስልኩ ውስጥ ብዕር ጠረጴዛ ሲመታ ይሰማኛል።

«ቢጤ ጨምሪበት» አሉኝ።

«ምን?»

«ሰፊ ቢጤ ነህ።»

በአፌ ሞከርኩት። ኮቱን ቢሉት ሰፋ ያለ ቢጤ፣ ሰውየውን ቢሉት ልብስ ሰፊ ነገር፣ ሊሆን ምንም ያልቀረው። ስድቡም አለ፣ ጣቱም ቦታው ላይ ነው። 9 ምልክት። 1.2 ሴኮንድ። ገባ።